ከ12/4/1996 እስከ 2003-12-22፦ የአንድ የሱቅ መዝገብ ቀኖች

ጥያቄ፦ «አባቴ ድሬዳዋ መጋላ ሱቅ በነበረው ጊዜ ከ1992 እስከ 2001 ዓ.ም. የያዘውን መዝገብ ወደ ኤክሴል ገልብጬዋለሁ። ቀኑን ቀን/ወር/ዓመት እያልኩ ነው የጻፍኩት። አሁን ሳየው ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተሰልፏል። አንዳንድ ረድፍ ላይ ደግሞ አባቴ ከጅቡቲ ደረሰኝ ላይ የፈረንጁን ቀን እንዳለ ጽፎታል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት መቀየሪያ በአንዳንዱ ዓመት አንድ ቀን ይሳሳታል። ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት የፈረንጅ ቀን እንዴት ላምጣው?»

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ረድፎቹን በቀን ቅደም ተከተል አያስተካክሏቸው። እስካሁን ካላደረጉት ከግራ በኩል አንድ ዓምድ ይጨምሩና የመዝገቡን ገጽ ቁጥር ይጻፉበት። ጥቅሙን ወደ በኋላ ያዩታል። ከዚያ ፋይሉን በሌላ ስም ቅዱና በቅጂው ላይ ይሥሩ።

አሁን ወደ ግራና ቀኙ እንሂድ። ኤክሴል ቁጥር ወይም ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ነው ብሎ የተወውን ወደ ግራ ያሰልፋል። ወደ ግራ የቀሩትን ልብ ብለው ይዩ። የመጀመሪያ ቁጥራቸው ሁሉ ከ12 በላይ ከሆነ፣ ማለትም 15/3/1996፣ 28/7/1994፣ 30/2/1998 ዓይነት ብቻ ከሆኑ፣ ኮምፒውተርዎ የአሜሪካንን አጻጻፍ ተከትሎ ወርን ከቀን በፊት እያነበበ ነበር። አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለው 15/3/1996ን ጽሑፍ አድርጎ ተወው። 12/4/1996ን ግን አልተወውም። እርስዎ ታኅሣሥ 12 ቀን 1996 ዓ.ም. ማለትዎ ነበር፤ እሱ የፈረንጆች ዲሴምበር 4 ቀን 1996 አድርጎ አስቀመጠው። ሴሉ ላይ የሚታየው ግን አሁንም 12/4/1996 ስለሆነ ዓይን ስህተቱን አይይዘውም። በዚህ ላይ የቀኑን አቀራረብ `yyyy-mm-dd` ቢያደርጉት 1996-12-04 ብሎ አሳምሮ ያሳይዎታል። ሰባት ዓመት የሳተ ቀን ነው፣ መልኩ ግን ያማረ ነው። የተገለበጠ ሠንጠረዥ ሲበላሽ በብዛት ያየሁት በዚህ መንገድ ነው።

ደግነቱ ያ ሁሉ ሊመለስ የሚችል ጥፋት ነው። ማሽኑ ቀንና ወሩን አቀያየረ እንጂ አልጣላቸውም። ስለዚህ ወደ ቀኝ በተሰለፈ ሴል ላይ `MONTH` ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰው የእርስዎን ቀን ነው፣ `DAY` ሲሉት ደግሞ የእርስዎን ወር። ጳጉሜን እንኳ አይጠፋም፦ ጳጉሜን 5 ብለው የጻፉት 5/13/1996 ሜይ 13 ሆኖ ተቀምጧል፤ `MONTH` 5ን፣ `DAY` 13ን ይሰጥዎታል። ከጅቡቲ ደረሰኝ የተገለበጡትም በቀን የሚጀምሩ ስለሆኑ በዚሁ መንገድ ይመለሳሉ።

ዓምዶቹን እንዲህ ያሰናዱ። A የገጽ ቁጥር፣ B እርስዎ መጀመሪያ የጻፉት (ይህ መቼም አይነካም)፣ C ቀን፣ D ወር፣ E ዓመት፣ F የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ G ውጤቱ፣ H ማስታወሻ። C፣ D እና E የሚሞሉት በቅደም ተከተላቸው በእነዚህ ነው፦

```
=IF(ISNUMBER(B2),MONTH(B2),VALUE(LEFT(B2,FIND("/",B2)-1)))
=IF(ISNUMBER(B2),DAY(B2),VALUE(MID(B2,FIND("/",B2)+1,FIND("/",B2,FIND("/",B2)+1)-FIND("/",B2)-1)))
=IF(ISNUMBER(B2),YEAR(B2),VALUE(MID(B2,FIND("/",B2,FIND("/",B2)+1)+1,4)))
```

ሦስተኛው የሚሠራው ዓመቱ በአራት አሃዝ ሲጻፍ ነው። ወደ ግራ ከተሰለፉት ውስጥ 15/3/96 የሚል ካለ B እንዳለ ይቆይና E ላይ በእጅዎ 1996 ብለው ይጻፉ። የወሩ ስም በፊደል የተጻፈበት ረድፍ ካለ ደግሞ በሌላ ገጽ ላይ የወሮች ዝርዝር ያዘጋጁና ቁጥሩን ከዚያ ይሳቡ። ዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱን ወር በሚጻፍበት ፊደል ሁሉ መደርደር አለብዎት። ለእኛ ኅዳር፣ ህዳርና ሕዳር አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ታኅሣሥና ታህሳስ፣ ሐምሌና ሀምሌ፣ ሚያዝያና ሚያዚያ፣ ጳጉሜንና ጳጉሜም እንደዚሁ። «ጥ.» ተብሎ ባጭሩ የተጻፈ ካጋጠመዎት ጥር ወይም ጥቅምት ሊሆን ስለሚችል በግምት አይሙሉት፤ ከላይና ከታች ያሉትን ረድፎች አይተው ይወስኑ።

ቀጥሎ F ዓምድ ነው። የኢትዮጵያ ከሆነ «ኢ»፣ የፈረንጅ ከሆነ «ፈ» ብለው ይጻፉበት። ይህን ፎርሙላ አይሠራልዎትም፣ ግን ያን ያህል አድካሚ አይደለም። መዝገቡ ከመስከረም 1992 እስከ 2001 መጨረሻ ነው፤ በፈረንጅ ከሴፕቴምበር 1999 እስከ ሴፕቴምበር 2009 መሆኑ ነው። ስለዚህ ዓመቱ ከ1992 እስከ 1998 ተብሎ የተጻፈው ያለጥርጥር የእኛ ነው። ከ2002 እስከ 2009 የተጻፈው ያለጥርጥር የደረሰኝ ቀን ነው። የሚያሻሙት 1999፣ 2000 እና 2001 ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ነው የገጽ ቁጥሩ የሚጠቅመው። «5/3/2000» የፈረንጅ ከሆነ ማርች 5 ነው፣ በእኛ የካቲት 26 ቀን 1992፤ ያለው መዝገቡ መጀመሪያ አካባቢ ነው። የእኛ ኅዳር 5 ቀን 2000 ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ሊያልቅ ሲል ነው የሚገኘው። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነትና ብዙ ገጽ ስላለ መሳሳት ይከብዳል። ሠንጠረዡን በቀን አስተካክለውት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ምስክር ይጠፋ ነበር።

አሁን ለውጡ ራሱ፦

```
=IF(F2="ፈ",DATE(E2,D2,C2),365*E2+INT(E2/4)+30*D2+C2-691194)
```

ሥራው ቀላል ነው። ኤክሴል ማንኛውንም ቀን የሚያስቀምጠው ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ በመቁጠር ነው። ፎርሙላው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ያለፉትን ቀኖች ይቆጥራል፦ ለእያንዳንዱ ዓመት 365፣ ለእያንዳንዱ ወር 30፣ በየአራት ዓመቱ ለምትመጣው ስድስተኛዋ ጳጉሜን አንድ። በመጨረሻ 691194 ሲቀነስ የሁለቱ መነሻ ይገጥማል። ሚሌኒየማችንን ይሞክሩበት። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 39337 ይሰጣል፤ አቀራረቡን ወደ ቀን ሲቀይሩት 2007-09-12 ይሆናል።

ወደዚያች 12/4/1996 እንመለስና እስከ መጨረሻ እንከተላት። ወደ ቀኝ የተሰለፈች ናት። `MONTH` 12 ስላለን ቀኑ 12፣ `DAY` 4 ስላለን ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ 1996፣ አቆጣጠሩ «ኢ»። 365 በ1996 ሲባዛ 728540፤ 1996 ለ4 ሲካፈል 499፤ አራት ወር 120፤ ቀኑ 12። ድምሩ 729171፤ ከዚህ 691194 ሲቀነስ 37977። ይህ 2003-12-22 ነው። ያንኑ ታኅሣሥ 12 በ1995 ቢያሰሉት ግን 2002-12-21 ያገኛሉ። ቀኑም ወሩም አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ዓመት 21፣ በሌላው 22።

መቀየሪያዎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ፕሮግራም ሠሪም ጭምር፣ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ያስባል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ የሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ዓመቱን ለ4 ሲያካፍሉት 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በእርስዎ መዝገብ ዘመነ ዮሐንስ የሆኑት 1992፣ 1996 እና 2000 ናቸው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ከመስከረም 1 ጀምሮ ሁሉም ቀን ከተለመደው በአንድ ወደፊት ይገፋል። መግፋቱ የሚያበቃው ፈረንጆቹም የራሳቸውን ተጨማሪ ቀን ሲያስገቡ ነው፤ የካቲት 21 ቀን 1996 ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2004 ነበር። ከየካቲት 22 ወዲያ ማርች 1 ብሎ እንደ ሌላው ዓመት ይቀጥላል። ስለዚህ የተሳሳተ መቀየሪያ ዓመቱን ሙሉ አይሳሳትም፤ በአራት ዓመት አንዴ 171 ቀን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ስድስተኛዋን ጳጉሜን። ጥቂት ረድፍ መርጠው ቢፈትሹት በቀላሉ ያልፋል።

እኔም አንድ ጊዜ ወድቄበታለሁ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ገቢና ወጪ ሠንጠረዥ ስቀይር፣ የወሮቹን መነሻ ቀን በዝርዝር ይዤ በመደመር ነበር የሠራሁት። ውጤቱን ካስረከብኩ በኋላ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጠራችኝና «ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 አድርገኸዋል፤ በ1996 የተከበረው እኮ ጃንዋሪ 20 ነበር» አለችኝ። እውነትዋን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መቀየሪያ የምፈትነው በጥር 11 ቀን 1996 ነው። 2004-01-20 ካላለኝ አልጠቀምበትም። ገናም ያንኑ ይመሰክራል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለው ያቺ ጳጉሜን ስላለፈች ነው፤ ታኅሣሥ 28 ቀን 1996 እና ታኅሣሥ 29 ቀን 1995 ሁለቱም ጃንዋሪ 7 ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ምን ያመጣል ሊሉ ይችላሉ። በተለመደው ዓመት ዲሴምበር 31 ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። በ1996 ግን ታኅሣሥ 22 ጃንዋሪ 1 ነው። የፈረንጁን ዓመት ይዘው የዓመቱን ሽያጭ ሊደምሩ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ሽያጭ በሙሉ ባልተገባው ዓመት ውስጥ ያስገቡታል።

አንድ ሌላ ስህተት ደግሞ ከዚህ ጋር እንዳይምታታብዎት። ፎርሙላው የሌለ ቀን ቢሰጡት አይጮህም። ጥር 31 ቢሉት ዝም ብሎ የካቲት 1ን ይመልስልዎታል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1998 ቢሉት፣ 1998 ሉቃስ ስላልሆነ፣ መስከረም 1 ቀን 1999ን ይሰጥዎታል። `DATE`ም በፈረንጁ ቀን ላይ እንደዚያው ነው። ስለዚህ በአንድ ትርፍ ዓምድ ላይ ይህን ይጻፉና ለ«ኢ» ረድፎች `FALSE` ያለውን ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ፦

```
=AND(C2>=1,D2>=1,D2<=13,C2<=IF(D2<13,30,5+(MOD(E2,4)=3)))
```

`FALSE` ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ጽሑፍ ንባብ ስህተት ነው፤ 5 እንደ 6፣ 1 እንደ 7 ተነቧል። ወይም ደግሞ ረድፉ የደረሰኝ ቀን ሆኖ ሳለ F ላይ «ኢ» ተብሏል፤ 31 የሚል ቀን ሲያዩ መጀመሪያ ይህንን ይጠርጥሩ።

ከዚህ ያለፈውን የሚይዝልዎ የሳምንቱ ቀን ነው። አባትዎ አልፎ አልፎ «ሰኞ»፣ «ቅዳሜ» ብለው ጽፈው ከሆነ ወርቅ አገኙ ማለት ነው። `=TEXT(G2,"dddd")` ብለው ያወዳድሩ። ያቺ ታኅሣሥ 12 ቀን 1996 ሰኞ ናት፤ የተሳሳተው መቀየሪያ ግን እሑድ ያደርጋታል። ስም ባይኖርም ዘዴ አለ። ሱቁ እሑድ ይዘጋ ከነበረ፣ ዓመቱን ሙሉ እሑድ ላይ ሽያጭ ጠፍቶ በአንድ ወቅት ብቻ እሑድ እሑድ ሽያጭ ሲታይ፣ ቀኑ በአንድ ፈቀቅ ብሏል። ከጅቡቲ የመጣውም ዕቃ ይመሰክራል፦ ሱቅ የገባበት ቀን ደረሰኙ ከተቆረጠበት ቀን ቀድሞ ከተገኘ፣ ከሁለቱ አንዱ በተሳሳተ አቆጣጠር ተነቧል።

አሁን ስለ ሌሊቱ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ድሬዳዋ የተያዘ መዝገብ ውስጥ አንድ ሌሊት መኖሩ አይቀርም። የደቻቱ ጎርፍ የመጣው ለሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ ነው። አባትዎ የተበላሸ ዕቃ መዝግበው ከሆነ «29/11/1998 ሌሊት» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። እኛ ቀኑን ከንጋት እስከ ንጋት ስለምናስበው ሌሊቱ የ29 ነው። ፎርሙላው 2006-08-05 ይላል። የፈረንጁ ቀን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥ፣ ጎርፉ በየትም የተመዘገበው ኦገስት 6 ተብሎ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ ብሆን G ላይ ፎርሙላው የሰጠውን 2006-08-05 እተውና H ላይ «ሌሊት፤ በፈረንጅ ሰዓት 2006-08-06» ብዬ እጽፋለሁ። በዚህ አንድ ረድፍ ላይ ቀኑን በእጅዎ ካረሙት፣ ዕቃ ሌሊት የገባባቸውን ሌሎቹን ረድፎች ሁሉ በዚያው ደንብ ማረም ይኖርብዎታል፤ የስንቱ ሰዓት ተጽፏል? ስለዚህ ደንቡ አንድ ይሁን፣ ልዩነቱ ማስታወሻ ላይ ይቀመጥ።

መጋላ ስለሆነ ምናልባት «ረመዳን 3» ወይም ሌላ የሒጅራ ቀንም ያገኙ ይሆናል። እሱን በዚህ ፎርሙላ ለማስገባት አይሞክሩ። የሒጅራ ወር የሚገባው ጨረቃ በመታየቷ ስለሆነ በስሌት ሲያወጡት አንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል። እንዳለ H ላይ ገልብጠው፣ G ላይ ከጎኑ ያለውን የእኛን ቀን ይጠቀሙ።

የአያትዎ ዘመን መዝገብም እጅዎ ከገባ አንድ ድንበር ይወቁ። ፎርሙላው ኤክሴል ላይ በትክክል የሚሠራው ከየካቲት 22 ቀን 1892 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፣ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1900። ለድሬዳዋ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ሲደርስ ነውና። የሐረር ወረቀቶች ግን ከዚያ ይቀድማሉ። ፈረንጆቹ 1900ን ተጨማሪ ቀን ስላልሰጡት ከዚያ በፊት ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ የተዋጋነው ማርች 1 ቀን 1896 ሆኖ ሳለ ዛሬ የካቲት 23ን ማርች 2 ላይ የምናከብረው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬውን የግድግዳ ካላንደር ይዞ የ1880ዎቹን ወረቀት የሚቀይር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ይስታል።

ለማስቀመጥ ሲደርሱ G ቁጥር ሆኖ ይቆይ፣ ከጎኑ አንድ ዓምድ ጨምረው ቀኑን ወደ ጽሑፍ ይለውጡት፦

```
=TEXT(G2,"yyyy-mm-dd")
```

ይህ አጻጻፍ የሚመረጠው ዓመቱ ስለሚቀድምና ወሩና ቀኑ ስለማይቀያየሩ ነው፤ የአሜሪካኑም የፈረንሳዩም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ያነበዋል። ለሌላ ሰው የሚሰጡት በ`.csv` ከሆነ ግን አንዴ ካስቀመጡት በኋላ በኤክሴል ከፍተው እንደገና አያስቀምጡት። ሲከፍተው ወደ ራሱ ቀን ይለውጠውና መልሶ 12/22/2003 አድርጎ ያስቀምጠዋል። ማየት ብቻ ከፈለጉ በኖትፓድ ይክፈቱት። B ዓምድንም አብረው ይስጡ፤ ነገ አንድ ቀን የሚያጠራጥረው ሰው አባትዎ ምን ብለው እንደጻፉ ማየት ይፈልጋል።